ቪፒኤኑን ከፍተዋል?

ሐርጌሳ ውስጥ የሠራሁበት ድርጅት ሕንፃ ይሠራ ነበር። ያኔ ከተማው በሙሉ ግንባታ ላይ ነው፤ በጦርነቱ የፈረሰው ይነሣል፣ ባዶ የነበረው ይታጠራል፣ ከምኖርበት ሰፈር ከጅግጅጋ ያር በሚኒባስ ወደ ሥራ ስሄድ ጥርሴ መሀል ሲሚንቶ ይንቋቋል። እኔ ግን ሲሚንቶ በእጄ ነክቼ አላውቅም። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ ሶማልኛ ከአማርኛ እኩል ይቀናኛል፣ ሥራዬም የቢሮውን ኮምፒውተሮችና ኢንተርኔት መጠበቅ ነበር። ጎበዝ ነበርኩ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ነገሩን ያበላሸው ጉብዝናዬ ስለሆነ ነው።

ቢሮው ውስጥ አማርኛ የምናነብ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፣ እኔና ፕላን የሚነድፉት ሰውዬ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ከደጋ የመጡ፣ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምሱ፣ በእኔ ረመዳን ደግሞ ውሃ ለመጠጣት ከክፍሉ የሚወጡ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ኮምፒውተር ላይ ከመሥራታቸው በፊት ሁሉንም ነገር በእርሳስ ይሞክሩታል። የመኖሪያ ፈቃዳቸው በድርጅቱ ስም ነው፤ ድርጅቱ እጁን ከእሳቸው ላይ ካነሣ አገሩን መልቀቅ ነው፣ በዚያ ዕድሜና በዚያ ዓይን ደግሞ ሌላ ቀጣሪ አይገኝም። ይህን እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

አንድ ቀን 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ከሚሠራው ሕንፃችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ግንበኛ ወድቆ ሞተ። የአገራችን ሰው ነው፣ የጋሼ የወንዝ ልጅ። የቆመበት መወጣጫ ደጋፊ እንጨቶቹ ተነቅለው ለሌላ ሕንፃ ተጭነው ነበር። ጋሼ ከአደጋው በፊት ይህን ለግንባታው ኃላፊ ተናግረው፣ "አንተ ፕላንህን ሥራ" ተብለው ተመልሰዋል። ለሟቹ እናት የተነገራት ግን ልጅሽ ታሞ ሞተ የሚል ነው። እናትየው ለጋሼ ደውላ፣ "ምን ታሞብኝ ነው?" አለቻቸው። ከሁሉ የሚያናድደው፣ ያው መወጣጫ ሳይጠገን ሌሎች ሰዎች በማግሥቱ ወጡበት።

ጋሼ ጠረጴዛዬ ጋ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንቺ ልጅ፣ በስደት ስለሚሠሩ ሰዎች አደጋ የሚጽፍ ድረ ገጽ አለ ይባላል። ማን እንደጻፈ ሳይታወቅ መጻፍ ይቻላል?"

"ይቻላል ጋሼ" አልኩ። ወዲያው ነው ያልኩት፤ ሳላስብ።

ኢንተርኔት ቤት እንዳይሄዱ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። ጅግጅጋ ያር ያሉት ኢንተርኔት ቤቶች በሐበሻ የተሞሉ ናቸው፣ አጠገብ የሚቀመጠው ሁሉ አማርኛ ያነባል፣ ወሬ ደግሞ ከእኛ በላይ የሚያዳርስ የለም። ቢሮው ይሻላል አልኩ፣ በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ለሰላትና ለምሳ ሲወጣ። ስክሪናቸውን የሚያይ ቢመጣ እንኳ ፊደሉን አያውቀውም። በፊደላችን ተከልለን የተደበቅን መሰለን።

ከዚያ ቪፒኤን ጫንኩላቸው። እኛ ሐበሾች ቪፒኤንን የተማርነው አገር ቤት ድረ ገጽ ሲዘጋ ነው። ለእኛ ቪፒኤን ቁልፍ ነው፤ "ክፈተው" ነው የምንለው፣ የተዘጋው ከተከፈተ ሠራ ማለት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አይመረምረውም። ሐርጌሳ ውስጥ ግን ያ ድረ ገጽ አልተዘጋም ነበር። እኛ የፈለግነው መክፈት ሳይሆን መዝጋት ነበር። ይህን ልዩነት ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ለጋሼ እንዲገባቸው አሳየኋቸው። መጀመሪያ የራስን አይፒ አድራሻ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቁበትን ቁጥር፣ የሚያሳይ ገጽ ከፈትኩ፤ የቢሮአችን አድራሻ ወጣ፣ ሥሩ ሐርጌሳ ይላል። "የሚጽፉለት ድረ ገጽ የሚያየው ይህንን ነው" አልኳቸው። ቪፒኤኑን ከፍቼ ገጹን አደስኩት። ቁጥሩ ተቀየረ፣ አገሩ ኔዘርላንድ ሆነ።

"እንግዲህ አውሮፓ ገባሁ" ብለው ሳቁ። ግንበኛው ከሞተ ወዲህ የሳቁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ከዚህ ኮምፒውተር ከቢሮው ውጭ የሚሄደው ሁሉ ተቆልፎ ኔዘርላንድ ወዳለ ኮምፒውተር ይሄዳል፣ ከዚያ ነው ወደ ድረ ገጹ የሚያልፈው። ድረ ገጹ ከሐርጌሳ እንደተጻፈ አያውቅም። እዚህም የጻፉትን የሚያነብ የለም" አልኩ። አንዱም ቃል ሐሰት አልነበረም።

ሦስት ቀን በምሳ ሰዓት ጻፉ። የነደፉትን የመወጣጫ ሥዕል ሊያያይዙ ፈልገው ነበር፣ እጃቸው ይታወቃል ብለው ተዉት። እኔ በየቀኑ በበሩ አንገቴን አስግጌ፣ "ቪፒኤኑን ከፍተዋል?" እላለሁ። "ከፍቻለሁ ልጄ" ይላሉ። በሦስተኛው ቀን ላኩት፣ ከሳምንት በኋላ ወጣ። መወጣጫው፣ የተነቀለው እንጨት፣ "ታሞ ሞተ" የሚለው ውሸት፣ ሁሉም አለበት። አንዱ በሶማልኛ ተርጉሞ አዳረሰውና ቢሮው ታመሰ። እኔ ውስጥ ውስጡን ደስ ብሎኝ ነበር። ማንም ሊደርስብን አይችልም ብዬ፣ ያን ሳምንት ቀና ብዬ ነበር የምሄደው።

ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁልጊዜም አባዮ፣ እህቴ፣ ይለኛል። ጠረጴዛው ላይ የታተመ ወረቀት ነበር። ገና ከሩቁ አወቅሁት፤ የራሴ ሪፖርት ነው።

ከብዙ ወራት በፊት ኢንተርኔቱ እየዘገየ ሰው ሲያማርር እኔ መላ አግኝቼ ነበር። ኮምፒውተር አንድ ድረ ገጽ ከመክፈቱ በፊት የዚያ ስም ቁጥር ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ዲኤንኤስ የሚባለው ይህ ነው። በዚያ በሳተላይት መስመር እያንዳንዱ ጥያቄ ወደ ውጭ ሄዶ እስኪመለስ ዘመን ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ቢሮው ውስጥ መልሶቹን የሚይዝ ሰርቨር አቆምኩ፣ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ የሰርቨሩን አድራሻ በእጄ ጻፍኩ፣ ጥያቄዎቹም በሰዓታቸው እንዲመዘገቡ አደረግሁ። ዝርዝሩ በየሳምንቱ በራሱ ጊዜ ወደ ሥራ አስኪያጁ ኢሜይል ይሄዳል። ተመስግኜበታለሁ፣ ከዚያም ረሳሁት። የሚያነበው ያለም አልመሰለኝም።

"ይህን ድረ ገጽ ጽሑፉ ከመውጣቱ ከሳምንት በፊት አንድ ኮምፒውተር ብቻ ጠይቆታል። ሦስት ቀን፣ በምሳ ሰዓት" አለና ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገ። "መጨረሻው ሃያ ሦስት የሆነው አድራሻ የማን ነው?"

እዚያው ቆሜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ቪፒኤኑ ወደ ውጭ የሚወጣውን መንገድ ቀይሯል፣ እውነት ነው። ሰርቨሬ ግን ውጭ አልነበረም፤ እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ ከእኔ ወንበር ጀርባ ነው ያለው። እዚያው ግቢ ወዳለ አድራሻ የሚሄድ ጥያቄ በኔዘርላንድ በኩል አይዞርም። የጫንኩት ቪፒኤን ደግሞ እኔ በእጄ የጻፍኩትን የዲኤንኤስ አድራሻ አልነካውም። የጋሼ ጽሑፍ ተቆልፎ አውሮፓ ሲሄድ፣ የድረ ገጹ ስም ግን ሳይቆለፍ፣ በግልጥ፣ ከነሰዓቱና ከነቁጥሩ እኔ መዝገብ ላይ ይሰፍር ነበር። ከጻፉት አንዲት ቃል እዚያ ወረቀት ላይ የለችም። የድረ ገጹ ስም ብቻውን በቃ።

"አድራሻዎቹ ይቀያየራሉ" አልኩ። ውሸት ነበር። አይቀያየሩም፤ ቋሚ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ወደ ሥራ ክፍሉ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። በእያንዳንዱ ስክሪን ጠርዝ ላይ፣ ብልሽት ሲኖር ለማወቅ እንዲቀለኝ፣ ቁጥሩን በወፍራም እስክሪብቶ ጽፌ ለጥፌያለሁ። ጎንበስ እያለ እያነበበ ሄደ። ጋሼ ጋ ሲደርስ እሳቸው እርሳስ እየቀረጹ ነበር። ሃያ ሦስት። የእጅ ጽሑፌ ደግሞ እንዴት ያምራል!

ብዙ አልተባለም። ፈቃዳቸው አይታደስም፣ በሳምንት ውስጥ ይውጡ ተባለ። እኔን የጠረጠረኝ አልነበረም፤ እንዲያውም ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን አመሰገነ። መወጣጫው ጥቂት ቀን እንጨት ተጨመረለት፣ ከዚያ ያው እንጨት ተነቅሎ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ወዳለው ሌላው ሕንፃችን ተጫነ። እናትየው ጽሑፉን ታንብበው አታንብበው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጋሼ ቢሮውን በለቀቁ ማግሥት በምሳ ሰዓት ሃያ ሦስት ላይ ተቀመጥኩ። ቪፒኤኑን ከፈትኩ፣ አድራሻዬ ኔዘርላንድ አለ። ጎን ለጎን የሰርቨሩን መዝገብ ከፍቼ አንድ ድረ ገጽ ጠራሁ፤ ስሙ ወዲያው መዝገቡ ላይ ወጣ። ሌላ ጠራሁ፤ ወጣ። ከዚያ ዲኤንኤሱን በቪፒኤኑ ውስጥ ወደሚያልፍ አድራሻ ቀይሬ ደግሜ ስጠራ መዝገቡ ዝም አለ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ያን ሁለት ደቂቃ ቪፒኤኑን ባሳየኋቸው ቀን ወስጄ ቢሆን ጋሼ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጥቤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከአገር የወጡበት ቀን ወደ ድንበር ከተማዋ ውጫሌ የሚሄደው መኪና ጋ ሸኝቻቸው ነበር። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። መንገዱን በሙሉ ስለማመደው ነበር፤ ጋሼ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሰርቨሩም ሪፖርቱም የእኔ ናቸው፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም። ሻንጣቸውን አስጭነው፣ እርሳሶቻቸውን የያዘውን ቆርቆሮ በእጃቸው ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል" አሉኝ። "አንዱን ቀን ቪፒኤኑን ሳልከፍት ጽፌ ይሆናል። እርጅና ነው፣ ዘንግቼ ነው። አንቺ እኮ በየቀኑ እየመጣሽ ጠይቀሽኛል። ልፋትሽን ከንቱ አደረግሁት፣ አንቺንም ለአደጋ አጋለጥኩሽ። ይቅር በይኝ።"

ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። አፌን ከፈትኩ።

"ምንም አይደለም ጋሼ" አልኩ፣ "ይቅር ብዬዎታለሁ።"