ጀርባውን ብቻ

በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ሌላው እንደሚያደርገው ዝም ብዬ አልመታም፤ እያነበብኩ ነበር የምተይበው። ምስክር ምን ብሎ ሰው እንዳሳሰረ፣ ምን ብሎ እንዳስፈታ ልቅም አድርጌ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ከበላይ ደብዳቤ መጣ። አዲስ አበባ ለሚሰጥ የሕግ ኮርስ ከመሥሪያ ቤታችን አንድ ሰው ይላካል፤ የሚሄደውም ምስለ ችሎት፣ ማለት የማስመሰያ ክርክር፣ ተደርጎ ያሸነፈው ነው ይላል። እኔም ተመዘገብኩ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ስሜን ሲያይ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?» አለኝ። ለእሱ ቦታው ያለቀለት ነበር፤ የሚወደው ጸሐፊ ይሄዳል። እኔ ግን ንድድ አለኝ። ካልሄድኩ እዚያው ወንበር ላይ ጡረታ እንደምወጣ አውቀዋለሁ።

ምስለ ችሎቱን ሊመሩ የኮርሱ አሠልጣኝ ዳኛ ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ሙቀቱ ገና በሦስት ሰዓት ሸሚዝ ያጣብቃል። የተሰጠን ጉዳይ የበሬ ስርቆት ነው። ጸሐፊው ዐቃቤ ሕግ ሆነ፤ እኔ የተከሳሽ ጠበቃ። ምስክር ሆነው የተመደቡት የችሎት ተላላኪያችን ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ወሬ ከጀመሩ ማን ያስቆማቸዋል! ለዐቃቤ ሕጉ በዋናው ጥያቄ፣ ተከሳሹ ጀውሃ ወንዝ ማዶ በሬውን ሲነዳ አይቼዋለሁ፣ ወላሂ እሱ ነው አሉ።

ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሣሁ።

«ጋሼ፣ ፊቱን አላዩም፣ አይደል?»

«አዎ!» አሉ።

ዳኛው ብዕራቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሱ። «አዎ ምን? አየሁ ነው አላየሁም?»

ጋሼ ቀዳዳ አገኙ። «ኧረ እኔ እሱን! አባቱንም አውቃለሁ፣ አሊዩ አምባ ገበያ አብረን ስንወርድ...» ቀጠሉ። አዳራሹ በሳቅ አለቀ። ኃላፊው ጭኑን እየመታ ነው የሚስቀው።

አይ እኔ ጅሏ! ስንት መዝገብ ተይቤ! መዝገብ ላይ የሚሰፍረው መልሱ ነው፤ ጥያቄዬን ማን ይጽፍልኛል? «አላዩም?» ብሎ ለጠየቀ ሰው «አዎ» ሁለት መንገድ ይሄዳል። መሪ ጥያቄ ማለት መልሱን እኔው ይዤ ቀርቤ፣ ምስክሩን አዎ ብቻ ማስባል ነው። ያውም አንድ ጥያቄ፣ አንድ ነገር።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ ማምሻ ነበር?»

«አዎ።»

«አንቱ ከወንዙ ወዲህ ነበሩ?»

«አዎ።»

«ሰውየው ከወንዙ ማዶ ነበር?»

«አዎ፣ ማዶ።»

«በሬውን እየነዳ ከአንቱ ይርቅ ነበር?»

«ይርቅ ነበር።»

«ጀርባው ወደ አንቱ ነበር?»

«ጀርባው... አዎ። ግን እኔ እሱን ድሮም...»

«ጋሼ፣ የጠየቅኩዎት ስለ ጀርባው ነው። ከዐይንዎ እስኪሰወር ያዩት ጀርባውን ብቻ ነው?»

ላባቸውን ጠረጉ። «ጀርባውን ብቻ ነው።»

ዳኛው ጻፉ። የብዕሩ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

«ታዲያ በምን አወቁት በያቸዋ!» አለ ኃላፊው ከኋላዬ፣ ያዘነልኝ መስሎ። ምን ቆርጦኝ! ያንን ብጠይቅ ጋሼ በአረማመዱ ይላሉ፣ በኩታው ይላሉ፤ የዘጋሁትን በር በገዛ እጄ ወለል አድርጌ እከፍትላቸዋለሁ። ደንበኛውን በዚህች በአንዷ ትርፍ ጥያቄ ያሳሰረ ጠበቃ ስንት አይቻለሁ።

«ጨርሻለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት» ብዬ ቁጭ አልኩ።

ጸሐፊው ለድጋሚ ጥያቄ ዘሎ ተነሣ። «በአረማመዱ ነው ያወቁት አይደል?»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ የገዛ ምስክሩን እየመራ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ትንሽ በዛብኝ መሰለኝ፣ ግን ደስ አለኝ። መሪ ጥያቄ ለተቃራኒ ወገን ምስክር እንጂ ለራስ ምስክር አይፈቀድምና ዳኛው ተቃውሞዬን ተቀበሉ። ጸሐፊው መልሱን ሳይነግር መጠየቅ አቃተውና ተንተባትቦ ተቀመጠ። ዳኛውም ተከሳሹን በነጻ አሰናበቱና «ጠበቃዋ አሸንፋለች» አሉ።

ስሜን ሊጽፉ ሲሉ ኃላፊው ተነሣ። እሷ ባለትዳር ናት፣ ልጆች አሏት፣ ሥራ ይበደላል፣ ለአብዮቱም አይበጅም፤ ያልደረደረው ነገር የለም። ደሜ ፈላ። እሱን ተከራክሮ የረታው የለም፤ ወሬው አያልቅበትም። እኔም አልተከራከርኩትም፤ ተነሥቼ ፊቱ ቆምኩ።

«ጓድ፣ ደብዳቤው እጅዎ ላይ ነው?»

«ነው፣ ግን...»

«የሚሄደው ያሸነፈው ነው ይላል?»

«ይላል፤ ቢሆንም ሁኔታው...»

«ዛሬ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ?»

ወደ ዳኛው ዞሮ ተመለከተ። እሳቸውም ብዕራቸውን እንደያዙ «ይመልሱ እንጂ፣ ጓድ» አሉት።

«አንቺ ነሽ» አለ።

ዳኛው ስሜን ጻፉ።