ሽታ የሌለው ቅባት

ገንዳ ውሃ ከተማ የሽቶና የቅባት ሱቅ አለኝ። መደርደሪያዬን ብታዩት በሱዳን በኩል የገባው ሎሽን፣ የሰንደል ሽቶው፣ የጽጌረዳ ሳሙናው፣ ለሙሽራ የሚሆነው ሁሉ ሞልቶበታል። የከተማው ሴት ቆዳዋን የምታሳምረው ከእኔ ገዝታ ነው። ከዚያ ሁሉ ዕቃ ለእኔ ልጅ የሚሆን አንድም የለም። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ፣ ምን ቸገረው።

ልጄ ችፌ አለባት። ገና ስትድህ ጉንጯ ላይ ጀመራት፤ ትምህርት ቤት ስትገባ ወደ ክርኗ መታጠፊያ፣ ወደ ጉልበቷ ኋላና ወደ አንገቷ ዞረ። ያዝ ለቀቅ እያደረጋት ነው ያደገችው። ሲብስባት እያከከች ትደማለች፣ እጅጌዋም ቁስሉ ላይ ይጣበቃል። ከእሷ ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ልጅ ጠፋ። አይተላለፍም ብዬ ለመምህሯም ለጎረቤቱም ተናግሬ ተናግሬ ምላሴ ደረቀ። እሺ ይሉኛል፤ ልጆቻቸውን ግን ያሸሻሉ።

እኛ ቆላ ያደግን ሰዎች ለሙቀት የምናውቀው መድኃኒት ውሃ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ውሃ፣ ከመተኛቷ በፊት ውሃ፣ ያውም በሳሙናና በቃጫ ቆዳዋ እስኪጮህ። መስገድ ስትለምድ ደግሞ የውዱእ ውሃ ተጨመረባት። ታጥባ ስትደርቅ ቆዳዋ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ ያሳክካታል፣ ስታከው ይቆስላል። ሲቆስል ደግሞ ቆሽሾ ነው ተብሎ እንደገና ይታጠባል። በዚህ አዙሪት ስንት ዓመት ኖርን።

በመጨረሻ ጎንደር ያለችው እህቴ ጨቅጭቃ ጨቅጭቃ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደችን። ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው። በቀን አንዴ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ቶሎ ብላ ትውጣ አለን። ቃጫውን ጣሉት፣ ሽታ ያለውን ሳሙና ተዉት። ፎጣው ውሃውን ጠጣ ጠጣ ያድርግላት እንጂ አይፈግፍጋት። ቆዳዋ ገና እርጥብ እያለ ሽታ የሌለው ቅባት ይቀባ፣ ውሃው ከውስጥ እንዳያመልጥ። ከውዱእ በኋላም እንደዚያው። ቀልቶ ሲነሳባት ብቻ የምትቀባውን መድኃኒት ለብቻው ጻፈልን፤ ቅባቱ ግን ደህና ስትሆንም አይቋረጥም አለ። ይድናል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ሲያድጉ የሚለቃቸው ብዙ ናቸው» አለኝ። «እሷን መቼ እንደሚለቃት ግን አላውቅም።»

ሐቀኛ ሰው ነበር። ሐቁን ግን ምን ላድርገው?

እህቴ ቤት ሰነበትን። ሽታ የሌለው ቫዝሊን ገዝተን፣ ጣት እንዳይነካው በንጹህ ማንኪያ እየጨለፍን፣ እንደታዘዝነው አደረግን። ወላሂ፣ ልጄ ሳታክ ስታድር ያን ጊዜ አየሁ። ክርኗ ለሰለሰ። አጭር እጅጌ ልልበስ ብላ ጠየቀችኝና ለብሳ ወጣች። እኔ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ፣ የደስታ ነው።

ቆላ ስንመለስ ያ ሁሉ ተበላሸ። እዚህ ሙቀቱ ሌላ ነው። ቫዝሊኑ ሥር ላቧ ታፍኖ ያሳክካታል፣ አቧራው ላይዋ ላይ ይለጠፋል፣ ልጆቹ ደግሞ «ዘይት» የሚል ስም አወጡላት። እሷም ጠዋት የቀባኋትን ትምህርት ቤት ቧንቧ ላይ በልብስ ሳሙና ፈግፍጋ ታጥባ ክፍል ትገባለች። ሐኪሙ ዘንድ ደወልኩ። ልጅቷ የማትቀባው ቅባት ምንም ጥሩ ቢሆን አይጠቅማትም አለኝ፤ ቀን ቀን ቀለል ያለውን ሽታ የሌለውን ነጭ ክሬም፣ ማታ ቫዝሊኑን እናድርግ ተባባልን። ሲያልባት በውሃ ብቻ ትለቃለቅና ወዲያው ትቀባ። እህቴ ክሬሙን በአውቶቡስ ላከችልኝ። ተስማማት፣ አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። አውቶቡስ ቀረ፣ ክሬሙም አለቀ። ገንዳ ውሃን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩ፤ ያገኘሁት ሁሉ እንደ እኔው መደርደሪያ ሽቶ ሽቶ የሚል ነው። ለሕፃናት ተብሎ የተጻፈበትን እንኳ ትንሽ ብሞክርላት አቃጠላት። ወደ ቫዝሊኑ ተመለስን፣ እሷም ወደ ቧንቧው።

ዒድ ሲደርስ የባለቤቴ እናት ከመተማ ዮሐንስ መጡ። ድልካ ይዘው ነበር የመጡት። ድልካ ከማሽላ ዱቄትና ከሽቶ ተቦክቶ በእንጨት ጭስ የሚታጠን፣ ገላ የሚታሽበት ነገር ነው፤ በዚህ ድንበር ሴት ለበዓል ሳትታሽበት አትወጣም። እኔ ሱቅ ሆኜ ልጅቷን አስቀምጠው ከአንገት እስከ እግር አሿት። ስመለስ ቤቱ በመዓዛ ታውዷል፣ ልጄ መስታወት ፊት ቆማ ክንዷን ታሸታለች። እንደዚያ ስትደሰት አይቻት አላውቅም። ለካ ራሷ ናት እሹኝ ያለቻቸው።

በማግሥቱ አንገቷ አብጦ፣ ክርኗ ቢጫ ውሃ ያዥ ነበር። ሐኪም ቤት ወስደናት ቁስሉ አመርቅዟል ተብሎ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጧት። ደሜ ፈላ።

«እማማ፣ ምን አደረጉብኝ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እንደ እኩዮቿ መሽተት አማረኝ ብትለኝ እንዴት እምቢ ልበል?» አሉ፤ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

መንገዱ ከፈት ሲል እህቴ «እኔ ጋ ተዪያት፣ እዚህ ትማር» አለች። ምን ብዬ ልከልክል? ወስጄ ሰጠኋት። ስለያት አላለቀሰችም፤ እኔን ግን አውቶቡሱ ውስጥ ሰው እስኪያባብለኝ ድረስ ሆድ ባሰኝ። ዳነች እንዳልል አልዳነችም። ጎንደርም በበጋ ነፋሱ ያደርቃታል፣ እያገረሸ ይነሳባታል። ግን ክሬሙ እዚያ አለ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ አያልባትም፣ አጠገቧ የምትቀመጥ ጓደኛም አግኝታለች።

ትምህርት ሲዘጋ ልትጠይቀኝ መጣች። ቁመቷ ጨምሯል። የሮቶው ውሃ ፀሐይ አፍልቶት ስለነበር ቀድቼ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት፣ ለብ ሲል ታጠበች። እኔም እጄን ከጎንደር ባመጣችው ሽታ በሌለው ሳሙና ደጋግሜ ታጥቤ፣ ክሬሙንና ማንኪያውን ይዤ፣ እንደ ድሮው ልቀባት ገባሁ። ገና ክንዷን ስነካው ሸሸት አለች።

«እማ፣ እኔ ራሴ እቀባለሁ» አለችኝ፤ ቅር እንዳይለኝ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እጅሽ ያቃጥለኛል።»

እጄን አሸተትኩት። ሰንደል ሰንደል ይላል። ቀኑን ሙሉ የምይዘው ሽቶ ነው፣ በሳሙና የሚለቅ አልሆነም። ሱቁን ልዝጋው እንዳልል የዚያን ክሬም መግዣ የማገኘው ከዚያው ሱቅ ነው። ማንኪያውን ሰጥቻት ወደ በሩ ፈቀቅ አልኩ። እሷ ክንዷን ቀባች፣ አንገቷን ቀባች፣ ጉልበቷን ቀባች። ጀርባዋ ጋ ሲደርስ እጇ አጠረባት። ዞር ብላ አላየችኝም፣ እኔም ልርዳሽ አላልኳት። ጀርባዋ ሳይቀባ ልብሷን ለበሰች።