መርፌና ሁለተኛዋ መርፌ

የሆስፒታሉ ልብስ ሰፊ «መርፌ» ነው የምትባለው፤ ቀጭን ናት፣ ምላሷም ይወጋል። የተቀደደ አንሶላና የተበጠሰ ጋውን እየጠጋገነች ስንት ዘመን! የግብር ማሳወቂያዋንም በየዓመቱ ራሷ ትሞላለች፤ በዚህስ ጉራዋን አትችሉትም።

ዘንድሮ ግን ሞልታ ብትልከው ኮምፒውተሩ መለሰባት፦ በዚህ መለያ ቁጥር ማሳወቂያ ቀርቧል።

«እኔ ሳላውቅ መንታ እህት ተወልዳልኛለች ማለት ነው?» ብላ አብረዋት የሚሠሩትን አሳቀቻቸው። ከዚያ ግን ሳቋ ጠፋ። መታወቂያዋንና የደመወዝ ማስረጃዋን ይዛ ግብር ቢሮ ሄደች።

ባለሙያው ኮምፒውተሩን እያየ፣ «እናትዎን በጥገኛነት አስመዝግበዋል?» አላት።

«እናቴ ከሞተች ቆየች፣ የኔ ልጅ።»

«እዚህ ግን እርስዎ የሚጦሯት ተብላ ተመዝግባለች። የግብር ተመላሽ ገንዘብም ተጠይቆባታል፤ ወደ ሌላ ሰው የባንክ ሂሳብ።»

መርፌ ወንበሩ ላይ ተለጠፈች። የእናቷን መታወቂያ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ታናሽ ወንድሟ። አፉ ስለሚጣፍጥ ቤተሰቡ «ጠበቃው» ይለዋል። ለእናታቸው ቤት ውርስ ጉዳይ ብሎ የእሷንም መታወቂያ ኮፒ ወስዷል። ጠበቃው እንዲማር እሷ ነበረች ጎንበስ ብላ የሰው ልብስ የሰፋችው።

ኮሪደር ወጥታ ደወለችለት።

«እትዬ፣ አትጩሂ! ‹ራሴ ነኝ ያስገባሁት› በያቸውና ገንዘቡ ይለቀቅ። ምናለበት?»

«እማዬን ከመቃብር አስነስተህ?»

«እሷስ ብትኖር አትረዳኝም ነበር?»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ተመልሳ ባለሙያውን፣ «እኔ ነኝ ያስገባሁት ብልስ?» አለችው።

«ውሸቱም ዕዳውም የእርስዎ ይሆናል። አላስገባሁም ካሉ ግን ማንነቴ ተሰርቋል ብለው ይፈርሙና የራስዎን ትክክለኛ ማሳወቂያ በወረቀት ያስገቡ። እስኪጣራ የእርስዎም ተመላሽ ይያዛል፤ ጊዜ ይወስዳል። የሚጠረጥሩት አለ?»

ቅጹ ላይ ወንድሟን በቤት ስሙ መጻፍ ጀመረችና ሰረዘችው። ሙሉ ስሙን ጻፈች፤ ድሮ በደብተሮቹ ሽፋን ላይ ትጽፍለት በነበረው ያማረ እጅ ጽሑፍ። ፈረመች።

«ሲጣራ የምስጢር ቁጥር ይሰጥዎታል። ከእንግዲህ ያለሱ በስምዎ ማስገባት አይቻልም። ለማንም እንዳይነግሩ፤ ለቤተሰብም ቢሆን።»

«ቤተሰብ!» አለች። ሳቀች፤ ባለሙያው ግን አንገቱን ደፋ።

ማምሻውን በሯ ተንኳኳ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ። ከግብር ቢሮ ደወሉልኝ። ክሱን አንሺው፤ ሥራዬን አጣለሁ እኮ!»

ድምፁ ልክ እንደ ልጅነቱ ነበር፤ ጠብ ፈልጎ ሲመቱት እንደሚያለቅሰው። እጇ ወደ መቀርቀሪያው ሄዶ ተመለሰ። የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠችና ፔዳሉን በኃይል ረገጠች፤ የማንኳኳቱ ድምፅ በስፌቱ ድምፅ ውስጥ እስኪሰጥም።

ክር ግን አላስገባችበትም ነበር። ባዶውን ነው የሰፋችው።