የተቃጠለው ፖስታ

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቂም ስትይዝም እንደ ስፌቷ ነው፤ ጠበቅ፣ ደቀቅ አድርጋ ነው የምትይዘው። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም። እኔም የእሷው ልጅ ነኝ።

አባቴ ቴምብር ሰብሳቢ ነበር። አንድ ጊዜ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ያገኘውን ፖስታ ደስ ብሎት ለሰብሳቢዎች ማኅበር አቀረበ። ቴምብሩ ላይ «ኖርጌ» ይላል፤ ኖርዌይ ማለት ነው። የፖስታ ቤቱ ማህተም ግን የሊዝበን ነው፤ የፖርቱጋል ዋና ከተማ። በጎኑ ደግሞ «ፓክቦት» የሚል ቃል ተመቶበታል። የማኅበሩ መርማሪ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚለው ሰው፣ አገላብጦ አየውና የአንድ አገር ቴምብር በሌላ አገር ማህተም አይመታም፣ ይህ ፎርጅድ ነው ብሎ ፈረደ። አባቴን በሰው ፊት አባረሩት። ፖስታውን መርማሪው እንደ ደንቡ ላቃጥለው ብሎ ወሰደ። ከዚያ በኋላ የአባቴ ስም «ፎርጅዱ» ሆኖ ቀረ፤ ከቤት መውጣትም ተወ። በሦስተኛው ዓመት ሞተ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። እናቴ መርማሪው ነው አለች።

ከሐዘን እንደወጣች የአባቴን ካርቶን ከአልጋ ሥር ጎትታ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አስቀመጠችው። ከሥራ መልስ አሮጌ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ከየት አገር እንደተላኩ መለየት ተማረች። ስዊዘርላንድ ቴምብሯ ላይ «ሄልቬሺያ» እንደምትል፣ ፊንላንድ «ሱኦሚ»፣ ሀንጋሪ «ማጅያር»። እንግሊዝ ስሟን ጨርሶ አትጽፍም፤ የንጉሥ ወይ የንግሥት ራስ ብቻ ነው። «ፓር አቪዮን» የሚለውን አይቼ ከፈረንሳይ ነው ስላት ሳቀችብኝ፤ ቋንቋው የፈረንሳይ ይሁን እንጂ በአውሮፕላን ለሚሄድ ደብዳቤ የማይጽፈው አገር የለም። ማህተሙ ከቴምብሩ አልፎ ወረቀቱ ላይ ካልቀጠለ ደግሞ ቴምብሩ በኋላ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ የምትነግረኝ ኮሌታ እየገለበጠች ነበር።

አንድ ቀን ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ስለዚያ ፖስታ ጠየቀችው። ሰውዬው ይህ ምን ያስቸግራል አላት፤ የመርከብ ደብዳቤ ነው። ባሕር መሃል የሚጻፍ ደብዳቤ መርከቧ ባንዲራውን የምታውለበልበው አገር ቴምብር ይለጠፍበታል፤ ወደብ ሲደርሱ የወደቡ ፖስታ ቤት በራሱ ማህተም ይመታዋል። «ፓክቦት» የሚለውም በመርከብ የመጣ ደብዳቤ መሆኑን ለማሳየት ነው። ይህን የማያውቅ መርማሪ የለም አለ።

እናቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ያውቅ ነበር ማለት ነው» አለች።

በዚያው ሳምንት አባል ሆና ማኅበሩ ገባች። ፖስታው እንዳልተቃጠለ እርግጠኛ ነበረች፤ ሰብሳቢ እንዲህ ያለውን አያቃጥልም፣ ደግሞም ሳያሳይ አይሞትም ትለኝ ነበር። መርማሪውን በየስብሰባው እጅ እየነሳች ሰላም ትለዋለች፤ የማን ሚስት እንደነበረች ልብ አላለም። ሰባት ዓመት እንዲህ ጠበቀችው። እኔ ብሆን ሰባት ቀን አልችልም ነበር።

ዘንድሮ መርማሪው ከኃላፊነቱ ሲሰናበት የግል ስብስቡን በማኅበሩ አዳራሽ ለእይታ አቀረበ። ፖስታው ሦስተኛው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነበር። ኖርጌ፣ ሊዝበን፣ ፓክቦት። እናቴ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ እኔ መቼም ልብስ ሰፊ ነኝ፣ አልገባኝም። ቴምብሩ የኖርዌይ፣ ማህተሙ የሊዝበን። ይህ እንዴት ይሆናል?»

ደስ አለው። ስለ መርከቡ፣ ስለ ባንዲራው፣ ስለ ወደቡ አንድም ሳያስቀር አስረዳ፤ ጀማሪ ይህን ሲያይ ፎርጅድ ይመስለዋል ብሎም ሳቀ። እናቴ አመሰገነችውና ጸሐፊውን የድሮውን ቃለ ጉባኤ እንዲያነብ ጠየቀችው። ገጹን ቀድማ ነግራዋለች። ጸሐፊው አነበበ፤ የኖርዌይ ቴምብር፣ የሊዝበን ማህተም ከነቀኑ፣ «ፓክቦት» የሚል ትርጉሙ ያልታወቀ ቃል፣ የግራው ጥግ የተቀደደ። ፎርጅድ ስለሆነ ተቃጥሏል። ከሥሩ የመርማሪው ፊርማ።

ሰው ሁሉ ወደ መስታወቱ ተጠጋ። ቀኑ ያው፣ የተቀደደው ጥግም ያው ነው። መርማሪው መጀመሪያ ተመሳሳይ ነው ሊል ሞከረ፤ የሚሰማው ሲያጣ ወደ እናቴ ቀረበና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ፖስታውን ይውሰዱት። ልጄ ከኋላ ተቀምጣለች፤ እባክዎ በእሷ ፊት አይሁን።»

«እኔም ያን ቀን ልጄን ይዤ ነበር የመጣሁት» አለች እናቴ። «ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እውነቱን ይጻፉ፣ ከፊርማዎ ሥር፣ በገዛ እጅዎ። እየጻፉም ጮክ ብለው ያንብቡት።»

እያወቅሁ ዋሸሁ፣ ፖስታውንም ሰረቅሁ ብሎ ጻፈ፤ አነበበውም። ዘወር ብዬ ልጁን አየኋት። አንገቷን ደፍታ ጉልበቷን ታያለች። እኔም ያን ቀን እንደዚያው ነበርኩ። አዘንኩላት ብል እዋሻለሁ።