ያልተላከው ለቅሶ

የጌጃ ሰፈሯ ሙፊዳ ዲፕሎማዋን ይዛ ሁለት ዓመት ያህል ሥራ ስትፈልግ ከረመች። በ2003 ዓ.ም. ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት ለመዝገብ ቤት ሠራተኝነት በኢሜይል ለቃለ መጠይቅ ጠራት፤ ቀኑም ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ማክሰኞ ደግሞ ከሆስፒታል ተደወለ። ተራ የደረሰው ሰው ስለቀረ የእናቷ የወይዘሮ ሸምሲያ የዓይን ሞራ በዚያው ሐሙስ ጠዋት ይገፈፋል፣ አስታማሚ ይዘው ይምጡ ተባለ። ይህን ተራ ስምንት ወር ጠብቀውታል፤ ከሙፊዳ በቀር ደግሞ አስታማሚ የለም።

የእናቷን ክንድ ይዛ ልደታ ካለው የበሱፍቃድ ኢንተርኔት ቤት ገባች። በሱፍቃድ ለሰፈሩ ሥራ ፈላጊ ሁሉ ደብዳቤ የሚያሳምር ደግ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ምክሩ ግን ሌላ ነበር። ለቅሶ ገጠመኝ በይ አላት፤ የሐኪም ቀጠሮ ሰበብ ይመስላል፣ ለቅሶ የደረሰበትን ሰው ግን ማንም ደፍሮ አይጠይቅም። ሙፊዳ ምን ታድርግ፣ የሌለች አክስት ፈጥራ ገደለቻት። ከሥሩም ግማሽ ገጽ ይቅርታ ደረደረች።

ወይዘሮ ሸምሲያ ከጎኗ ተቀምጠው ቁልፉ ሲንኳኳ ይሰማሉ እንጂ የተጻፈው አይታያቸውም። የጻፍሽውን አንብቢልኝ አሏት። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰች በቀስታ አነበበችላቸው።

«ይቺ አክስትሽ ማን ናት?»

«የለችም፣ እማ።»

«እኔስ አለሁ አይደል? የኔ ዓይን ምኑ ያሳፍራል?»

ሙፊዳ ፊቷ ጋለ፤ ሁሉንም አጠፋችው። ከዚያ በዚያው በጥሪው መልእክት ላይ መልስ ጻፈች፦ ሐሙስ ጠዋት እናቷ የዓይን ቀዶ ሕክምና እንዳላቸውና አስታማሚያቸው እሷ ብቻ እንደሆነች፣ ይህን ያወቀችው ዛሬ መሆኑን፣ ሥራውን አሁንም አጥብቃ እንደምትፈልገው። ዓርብ ከሰዓት፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ በፈለጉት ሰዓት መምጣት እንደምትችል ገልጻ ስልኳን ጨመረች። ይቅርታ ያለችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሱፍቃድ አንብቦ አጠረ አለ፤ ሆኖም አልነካባትም፣ እንዳለ ላከችው።

ረቡዕ ጠዋት ኢሜይሏን ብትከፍት መልስ የለም። ከሰዓት ተመልሳ መጣች፣ አሁንም የለም። የሚቀጥሩት ሰው ሞልቷል ብላ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል፣ ኢንተርኔት ቤቱ ሊዘጋ ሲቃረብ አንድ መስመር ገባ፦ ሰኞ ሦስት ሰዓት እንጠብቅሻለን።

ሰኞ ከጠያቂዎቹ አንዷ፣ ወይዘሮ ሙሉመቤት የሚባሉ ሴት፣ ኢሜይሏን አትመው ፊታቸው አስቀምጠው ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ስለ መዝገብ አልነበረም።

«የእናትሽ ዓይን እንዴት ሆነ?»

ሙፊዳ ስንት መልስ ስታጠና አድራ ለዚህ አልተዘጋጀችም። እጇ ሳታስበው ወደ ትከሻዋ ሄደ።

«ዛሬ ከቤት ስወጣ፣» አለች፣ «ትከሻዬ ላይ ክር አይታ አነሳችልኝ።»