ኮድን በቅርጹ የፈለግንበት ከሰዓት

ኮድ መጻፍ ማንም አላስተማረኝም። ከሥራ ውጭ የሆነ ኮምፒዩተር ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለው ቤቴ ወስጄ፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ራሴን አስተማርኩ። የዩኒቨርሲቲያችንን የተማሪዎች ምዝገባ ሲስተም የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ሞክረው ትተውት ነበር። ይህን የምለው ለመመጻደቅ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ሲጨንቃቸው ይጠሩኛል። ያን ቀን ከሰዓት በባጃጅ ስሄድ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ሐይቁ ላይ ጭጋግ ተኝቶ ሰማዩና ውሃው የት እንደሚለያዩ አይታይም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይጠብቃሉ። እኔም በግማሽ እንቅልፍ ቢሮው ደረስኩ።

ሲስተሙን ከእኔ የተረከበችው ወጣት ፕሮግራመር ዓይኗ ቀልቷል። አሮጌው ሰርቨር ሞቶ መረጃውን ወደ አዲስ ካዛወረች በኋላ ሲስተሙ ተማሪዎችን ሁሉ መመለስ ጀምሯል። ምዝገባው በማግስቱ ይከፈታል። ኃላፊያቸው ደግሞ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ካልተስተካከለ የሙከራ ቅጥሯ እንደማይጸድቅ ነግሯታል።

«ጋሼ፣ የተማሪው ስም፣ የአባቱ፣ የአያቱ፣ ሁሉም ፊደል በፊደል አንድ ነው። ሲስተሙ ግን ከሰርተፊኬቱ ጋር አይመሳሰልም ይላል።»

ወዲያው ገባኝ። ስሞቹን ያወዳደርኩት በድርብ የእኩል ምልክት (==) ነበር። ሲስተሙ በተጻፈበት በጃቫ ቋንቋ ይህ ምልክት ሁለት ጽሑፎች በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ውስጥ አንድ ዕቃ መሆናቸውን እንጂ ፊደላቸው አንድ መሆኑን አይጠይቅም። ያኔ ስህተቴን ሳውቅ በየቦታው ከማረም ይልቅ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሁሉ አንድ ቅጂ ብቻ እንዲኖረው አደረግሁ። ስለዚህ ምልክቱ ለዓመታት እውነት ሲናገር ኖረ። መረጃውን ስታዛውር የጻፈችው አዲስ ማንበቢያ ግን ለእያንዳንዱ ስም የራሱን ቅጂ ይሰጣል። ይህ የእኔ ብልሃት መሆኑን ያን ጊዜ አልነገርኳትም።

ጥፋቱ ምልክቱ ላይ መሆኑን ራሷም ደርሳበታለች። ፊደል እየፈለገ በሚተካው በሬጉላር ኤክስፕሬሽን ልትለውጠው ሞክራ ቁጥሮች የሚወዳደሩበትንም ነካባት፤ በቅንፍ ውስጥ ያለውን ቅንፍ ከመሃል ቆረጠው፤ በሁለት መስመር የተጻፈውን ጭራሽ አላየውም።

«ወደነበረበት መለስኩት። አሁን አንድ በአንድ በእጄ ነው።»

«መቼ ልትጨርሺ?»

«ለፍቼ በዓል ይደርሳል። ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ሽማግሌዎች ይመርቁኛል።»

«ተነሺ» አልኳትና ወንበሯን ያዝኩ። «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚያየው ፊደል ነው። እኛ የምንፈልገው ቅርጽ ነው።»

በምትሠራበት ፕሮግራም ውስጥ የመዋቅር ፍለጋውን ከፈትኩ። ይህ መስኮት ኮዱን የሚያነበው እንደ ኮድ ነው፤ ክፍተትና የመስመር መስበር አያሳስቱትም። የሚፈለገውን ቅርጽ አብነት ጻፍኩ፦ $a$ == $b$። በዶላር ምልክቶች መካከል ያሉት ማናቸውም ነገር ሊገባባቸው የሚችሉ ቦታዎች ናቸው። ከዚያ በሁለቱም ላይ ማጣሪያ አደረግሁ፤ ዓይነታቸው ጽሑፍ የሆነ ብቻ ይያዝ። መተኪያው Objects.equals($a$, $b$) ነው፤ ፊደልን ከፊደል ያስተያያል፣ ባዶ ቢያጋጥመውም አይወድቅም።

የተገኙት ቦታዎች ተራ በተራ ወጡ። በወጣትነቴ የጻፍኳቸው መስመሮች ከጥልቅ ውሃ ወደ ላይ እንደሚንሳፈፉ ዓሦች ቀስ እያሉ መጡ። አንዳንዶቹን የጻፍኩበትን ወንበር፣ የመስኮቱን ብርሃን ሳይቀር አስታወስኩ። ፍለጋው ቁጥሮቹን አንዳቸውንም አልነካም። እያንዳንዱን ለውጥ አስቀድመን አይተን ተካን።

«አለቀ!» አልኩ። «ይህን በዚህ ከተማ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

አንድ ተማሪ መዝግባ ሞከረች። አሁንም አይመሳሰልም አለ።

እሷ ጎንበስ ብላ ተማሪውን የሚመልሰውን የኮድ መስመር አነበበች።

«ጋሼ፣ የከተማው ብቸኛ አዋቂ፣ ‹እኩል ካልሆነ› የሚለውንስ?»

እውነቷን ነው። አብነቴ የሚያገኘው == ብቻ ነው፤ != ለእሱ ሌላ ቅርጽ ነው። ከወንበሩ ተነሳሁላት። ሁለተኛውን አብነት ራሷ ጻፈች፣ ያንኑ ማጣሪያ አደረገች፣ መተኪያው ፊት ላይ የአፍራሽ ምልክት (!) ጨመረች። እንደገና ሞከረች። ተማሪው አለፈ። ሌላም ሞከረች፤ አለፈ።

ኃላፊው ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ገባ። ተማሪዎች ሲያልፉ አይቶ ወደ እሷ ዞረ።

«መልካም። ሪፖርቱ ላይ ግን ምክንያቱ መጻፍ አለበት። ምን አበላሽተሽ ነው?»

እሷ ወደ ቁልፍ ሰሌዳው አቀረቀረች። ቢያሳልፏት እንኳ ጥፋተኛ የምታደርጋት ያቺ አንድ መስመር የሠራተኛ ፋይሏ ውስጥ ልትኖር ነው። ከመስኮቱ ውጭ ጭጋጉ ገና አልተነሳም፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር።

«እሷ አይደለችም» አልኩ። «ስህተቱ የእኔ ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ። በብልሃት ሸፍኜው ነበር፣ ለእሷም አልነገርኳትም። ስሜን ጻፍ።»

«እርስዎ? አይሆንም፣ ጋሼ» አለ ኃላፊው።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሳይታወቅ የሚኖር ስህተት ሌላ ማን ሊጽፍ ይችላል?»

ሳቀና ስሜን ጻፈ። እሷ አልሳቀችም፤ ኃላፊው ሪፖርቱን ፈርሞ እስኪወጣ ጠበቀች።

«ጋሼ» አለች በመጨረሻ፣ «ሲናዘዙም ይፎክራሉ?»