ቀዩ ከቱርኩ በፊት

ኮምቦልቻ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ውስጥ ስሠራ እግሬ ያብጥ ነበር። ማሽኑ አይቀመጥም፣ እኔም አልቀመጥም። እናም የጥራት ቁጥጥር ቢሮ ሰው እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ ከተጻፈው ሁሉ ዓይኔን የሳበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ወንበር አለ።

ወንበሩ ግን የእንግሊዝኛ ፈተና ነበረበት። ቀደም ብለው የተፈተኑት እንደነገሩን ደግሞ የፈተናው መዓት ያለው ቃላት ማሰለፉ ላይ ነው። አራቱም አማራጮች አንድ ዓይነት ቃላት ይዘው ይመጣሉ፤ ቃሉን ሁሉ ብታውቂውም ሦስቱ ሰልፋቸው ተዛብቷል። ያማረ፣ ትልቅ፣ አሮጌ፣ ቀይ፣ የቱርክ፣ የሱፍ ምንጣፍ። እኛ በአማርኛ ቀዩንም ሆነ የቱርኩን ብናስቀድም፣ ምንጣፉን የሚከለክለን የለም። እንግሊዝኛ ግን ይከለክላል።

በእረፍት ቀናችን እኔና ጥቂት የሥራ ባልደረቦቼ በሚኒባስ ደሴ እየወጣን፣ ሆጤ ሰፈር ከአንድ ሱቅ ጀርባ ከሚያስጠኑ ጡረተኛ መምህር ዘንድ መማር ጀመርን። እሳቸውም ሥርዓቱን በመንዙማ ዜማ አስያዙን፤ “ግምት፣ መጠን፣ እድሜ፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ አገር፣ ጨርቅ!” ለእያንዳንዷ ቃል ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ በጣት መታ ማድረግ ነው። የመጨረሻው ነገሩ ከምን እንደተሠራ ማለት ነው፤ እንጨትም ብረትም ሊሆን ይችላል። እኛን አይተው ነው “ጨርቅ” ያሉት። አንድ ቀን በመንገድ የሚያልፉ ሽማግሌ ድምፃችንን ሰምተው በመስኮቱ በኩል “አሚን” ብለውን አለፉ። እኛም ዱዓው እንዳይመለስ ብለን አላረምናቸውም።

“ኦልዌይስ”ን፣ ሁልጊዜ ማለትን፣ ደግሞ እንደ እንግዳ አስተማሩን። “ከ‘ኢዝ’ ጋር ሲመጣ ከኋላው ይቀመጣል፤ ከሌላ ግስ ጋር ሲመጣ ግን ቀድሞ ይገባል” አሉን።

“ለምን መምህር?” አልኳቸው።

“ልጄ፣ እኔም አርባ ዓመት ሙሉ አልጠየቅሁም።”

የፈተናው ቀን በፋብሪካው መመገቢያ አዳራሽ ተደረደርን። ፈታኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነው። ሰልፍ ያለበት ጥያቄ ጋ ስንደርስ፣ ሆጤ የተማርነው ሁላችን ከንፈራችን ይንቀሳቀስ፣ ጣታችን ጠረጴዛውን ይመታ ጀመር። እኔ እንዲያውም ራሴን ሳላስበው እወዛወዝ ነበር። ሰውዬው በአዳራሹ መሃል ቆሞ አዳመጠና ፊቱ ጠቆረ። መልስ እየተቀባበልን መስሎታል። ሰባት ጊዜ እየመታን የትኛውን ፊደል እንደምንጠቁም አላሰበበትም፤ አማራጩ አራት ብቻ ነበር።

ወረቀታችንን ሰበሰበ። ወንበሩ ከዓይኔ ሥር ሲወሰድ አየሁት።

“ወላሂ አልኮረጅንም!” ብዬ ተነሣሁ። “ዜማ ነው፣ ጌታዬ።”

“የምን ዜማ?”

“የቅጽል።”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ግን አልሳቀም፤ ወደ ፊት ጠራኝና አራት አማራጭ ሰሌዳው ላይ ጻፈልኝ። ቃላቱ አንድ፣ ሰልፉ አራት። ዜማዬን ሳልደብቅ ጠረጴዛውን እየመታሁ ትክክለኛውን አሳየሁት። ሌላ ጻፈ፤ አሳየሁት። ወረቀቶቹን መለሰልንና ሌሎቹ ሲቀጥሉ እኔን እዚያው አቆየኝ። በእንግሊዝኛም ይህን ሥራ ለምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ።

ይኼኛው አማራጭ የለውም።

ያማረውን ምንጣፍ ስደረድር የከረምኩት እኔ አፌ ተዘጋ። ስለ እግሬ፣ ሲመሽ ጫማዬን አውልቄ መልሼ ማድረግ ስለሚያቅተኝ፣ እናቴ ውሃ በጨው ሞቅ አድርጋ ስለምትጠብቀኝ የምነግረው ሞልቶኝ ነበር፤ ሁሉም በአማርኛ። አፈርኩ፤ ቀጥሎም ተናደድኩ። በመጨረሻ የመጣልኝን ተናገርኩት፤

“አይ ኦልዌይስ ስታንድ።”

ሁልጊዜ እቆማለሁ ማለቴ ነው። እንዲህ ስለው ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። “ጎበዝ! ‘ኦልዌይስ’ ቦታዋን አልሳተችም” አለና ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ።

ሥራውን ሰጡኝ። ነጥቤ ጥሩ ነው ብለው አጨበጨቡልኝ፤ እግሬን ግን ማንም ዝቅ ብሎ አላየውም።